«ይቀንሳል ወይ?» ስንል «ቢጨምርስ?» ማለትን አንርሳ

ሰሞኑን የመመረቂያ ጥናታቸውን የሚሠሩ ልጆች በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ እየደጋገሙ ይልኩልኛል፦ «ዶክተር፣ ጥያቄዬን ወደ መላምት ስቀይር አንድ ጎን ላድርገው ወይስ ሁለት ጎን?» እኔም ተማሪ እያለሁ በዚሁ ጉዳይ ፕሮፖዛሌ ተመልሶብኛል። ጥያቄዬ «የስልክ ማስታወሻ የሚደርሳቸው ታካሚዎች የደም ግፊታቸው ይቀንሳል ወይ?» የሚል ነበር። «ይቀንሳል» የሚል ቃል ስላለበት ብቻ አንድ ጎን አደረግኩት። አማካሪዬ በቀይ እስክሪብቶ «ቢጨምርስ?» ብለው ጽፈው መለሱልኝ። እውነቱን ለመናገር ያኔ ነገሩ ዝም ብሎ ማካበድ መስሎኝ ነበር። የገባኝ የካስትን ታሪክ ሳነብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃርት አታክ ካለፈባቸው ሰዎች መሃል ልባቸው ያለቦታው ተጨማሪ ምት የሚመታባቸው በድንገት የመሞት ዕድላቸው ከፍ ይላል። ኢንካይናይድና ፍሌካይናይድ የተባሉት መድኃኒቶች ደግሞ ይህን ምት በደንብ ያጠፋሉ። ስለዚህ «ምቱ ከጠፋ ሞቱም ይቀንሳል» ተባለ፤ ሐኪሞችም ለታካሚዎቻቸው ያዙት ነበር። ይህን ለማረጋገጥ ካስት የተባለው ጥናት በ1987 እ.ኤ.አ. ታካሚዎችን መመዝገብ ጀመረ።

እስቲ ጥያቄውን አብረን ወደ መላምት እንቀይረው። «መድኃኒቱ ይጠቅማል ወይ?» ብቻውን አይበቃም። ይጠቅማል ማለት ምን ማለት ነው? ምቱ መጥፋቱ ነው ወይስ ሰውየው በሕይወት መቆየቱ? ካስት የመረጠው ሞትን ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን ከሚወስዱት መሃል የሚሞቱትን ድርሻ p1 እንበለው፤ ፕላሴቦ፣ ማለትም መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ክኒን፣ ከሚወስዱት መሃል የሚሞቱትን ደግሞ p2። ልብ በሉ፣ መላምቱ የሚናገረው ጥናቱ ውስጥ ስለገቡት ሰዎች ብቻ ሳይሆን እንደነሱ ስላሉ ታካሚዎች ሁሉ ነው። የእኩልነት ምልክቱ ምንጊዜም የሚቀመጠው ዜሮ መላምቱ ላይ ነው፤ ልናሳይ የምንፈልገው ነገር አማራጭ መላምቱ ውስጥ ይገባል።

```
ሁለት ጎን፦  H0: p1 = p2    H1: p1 ≠ p2
አንድ ጎን፦  H0: p1 ≥ p2    H1: p1 < p2
```

ሁለተኛውን መስመር ደግማችሁ እዩት። «መድኃኒቱ ለውጥ የለውም» እና «መድኃኒቱ ይገድላል» አንድ ከረጢት ውስጥ ገብተዋል። ካስት መጀመሪያ ሲታቀድ አንድ ጎን ነበር፤ መድኃኒቱ ይጎዳል ብሎ የጠበቀ አልነበረምና።

ውጤቱስ? በአማካይ አሥር ወር ገደማ በሆነ ክትትል፣ ሁለቱን መድኃኒቶች ከወሰዱት 755 ሰዎች 63 ሞቱ (8.3%)። ፕላሴቦ ከወሰዱት 743 ሰዎች የሞቱት 26 ናቸው (3.5%)። እነዚህን ቁጥሮች በተለመደው የሁለት ድርሻ ማነጻጸሪያ ራሴ ሳሰላቸው z ወደ 4 ገደማ ይመጣል። በሁለት ጎን ፈተና ፒ ቫልዩው ከ0.0001 በታች ነው፤ ልዩነቱ በአጋጣሚ ነው ለማለት ይከብዳል። በአንድ ጎን ፈተና ግን ያው መረጃ ወደ 1 የተጠጋ ፒ ቫልዩ ይሰጣል። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈውም «ሞትን እንደሚቀንስ ማረጋገጫ አልተገኘም» የሚል ይሆናል። ሰው እየሞተ!

ደግነቱ ጥናቱን የሚከታተለው ገለልተኛ ኮሚቴ ጉዳት ቢታይ የሚያስጠነቅቅ ወሰንም እንዲኖር አድርጎ ነበር። በዚህም የሁለቱ መድኃኒቶች ክፍል በ1989 እ.ኤ.አ. ቆመ። (ፍሌካይናይድ ዛሬም ለተመረጡ ታካሚዎች ይታዘዛል። የምትወስዱ ካላችሁ ይህን አንብባችሁ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ።)

ታዲያ ሰው አንድ ጎንን ለምን ይወደዋል? ቀላል ስለሆነ ነው። በ0.05 ደረጃ ሁለት ጎን z 1.96ን እንዲያልፍ ሲጠይቅ አንድ ጎን 1.645 ይበቃዋል። ሁለት ጎን አቅዶ 0.08 ያገኘ ተማሪ ውጤቱ ወደፈለገበት ካጋደለ፣ ወደ አንድ ጎን ሲቀይረው 0.04 ይሆንለታል። ይሄ ማጭበርበር ነው። ጎኑ የሚመረጠው መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት ነው፤ ፕሮፖዛሉ ላይ ያለው ቀንም ያሳብቃል።

አንድ ጎን ቦታ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። አዲሱ መድኃኒት ከነባሩ ከተወሰነ ልክ በላይ እንደማያንስ ብቻ ለማሳየት ሲፈለግ ጥያቄው በተፈጥሮው አንድ ጎን ነው። እዚያም ቢሆን ብዙ ጊዜ ደረጃው ወደ 0.025 ዝቅ ይላል፤ በ1.645 መሻገር የለም።

የእኔን ፕሮፖዛል በመጨረሻ ሁለት ጎን አድርጌ አስገባሁት። ስልክ ሲደወልለት የሚደናገጥና ግፊቱ የሚጨምር ሰው እንዳለ የገባኝ በኋላ፣ ተመላላሽ ክፍል መሥራት ስጀምር ነው።