ሙሽራውን ሳያስቀይሙ መቀለድ

በሰርግ ንግግር የሚያደርግ ሚዜ ሁለት ዓይነት ሰሚ አለው፦ ሙሽራውን ከልጅነቱ የሚያውቁ ጓደኞችና ገና ዛሬ የሚያዩት የሙሽሪት ዘመዶች። ማርፈድና ምግብ አለመቻል ሁለቱንም ወገን ያስቃሉ፤ ክብር አይነኩም። የቀድሞ ፍቅረኛ፣ ዕዳና መጠጥ ግን ፈጽሞ አይነሱም።

«ጓደኛዬ ሁሌም ያረፍዳል» ማለት ወቀሳ እንጂ ቀልድ አይደለም። የሚያስቀው ዝርዝሩ ነው። ለምሳሌ፦ «ሙሽራው ‹ታክሲ ውስጥ ነኝ፣ ደርሻለሁ› ሲለኝ በስልኩ የሻወር ውሃ ሲወርድ ይሰማኛል። ዛሬ ግን ከሁላችንም ቀድሞ ለብሶ ጠበቀን። ምን ያህል እንደሚወድሽ ያን ጊዜ ገባኝ።» ቀልዱ ወደ ሙሽሪት ሲዞር ጉድለቱ የፍቅር ምስክር ይሆናል። ይህ መዞር ከሌለ ሙሽራው እንደተከሰሰ ይቀራል።

ምግቡም እንዲሁ ነው። «አንድ ቀን ሽሮ ሠርቶ ጋበዘን። ዱቄቱን በፈላ ውሃ ላይ በአንዴ ገልብጦት ኖሮ ጓጉሏል። ‹ሥጋ አለበት እንዴ?› ብለን ስንጠይቀው ‹አዎ፣ ቦዘና ነው› አለን። እማማ፣ ለልጅዎ አይስጉ፤ ያረረውን ድስት ፈትጎ ያጠበው ራሱ ነው።»

ሁለት ታሪክ ይበቃል፤ ሦስተኛው ውርጅብኝ ይመስላል። ንግግሩ ከሦስት ደቂቃ አይለፍ፤ ሰው ለምግብ ሳይነሳ፣ ሙዚቃው ጠፍቶ ይነገር። ዘና ያለ ቀልድ የያዘ ሰው ደግሞ ቤተሰብ ተቀራርቦ የሚቀመጥበትን መልስ ቢመርጥ ይሻለዋል። እየተናገሩ የሙሽሪትን እናት ፊት ማየት ነው፤ ፈገግታቸው ከጠፋ ቀሪውን ቀልድ ትቶ ወደ ምርቃቱ መሄድ ነው።