በደጋ አገር ሻሂ ስለ ማፍላት

በባሕር ጠረፍ ውሃ የሚፈላው ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ደብረ ማርቆስ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ አየሩም የሳሳ ነውና፥ ውሃው በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እሳቱን ቢያበዙት ውሃው ፈጥኖ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ በቆላ ሦስት ደቂቃ የሚበቃው የሻሂ ቅጠል በደጋ አምስት ደቂቃ ያህል ይሻል።

የሚያፈላው ሰው አስቀድሞ ማንቆርቆሪያውን በፍል ውሃ ያሙቀው፤ ቀዝቃዛ ዕቃ ያን ጥቂት ሙቀት ይሰርቃልና። ለእያንዳንዱ ስኒ አንድ የሻሂ ማንኪያ ቅጠል ጨምሮ፥ ውሃው እየተንተከተከ ሳለ ያፍስበት፤ ከድኖም በጨርቅ ይጠቅልለው። ቀለሙ ቀልቶ ጣዕሙ ውሃ ውሃ ቢል ገና ነው፤ ምላስን የሚያኮማትር ምሬት ቢመጣ ግን ቅጠሉ እጅግ ቆይቷል። የጀበና ቡና ይህ ችግር የለበትም፤ ዱቄቱ ከውሃው ጋር አብሮ ይፈላልና፥ አተላው እስኪሰክን መታገሥ ብቻ ይበቃል።