ስድስት ገጽ፣ አንድ ገጽ፦ የሕግ መጽሔት ጽሑፍን ለተመራማሪ ማጠቃለል

በቢቸናና በሞጣ አውራጃዎች በ1950ዎቹ ስለነበረው የርስት ክርክር የሚያጠና አንድ ተመራማሪ አለ እንበል። ጥያቄው አጭር ነው፦ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከወጣ በኋላ ርስት በሕግ ዓይን ምን ሆነ? የሚያነበው ክምር ግን ረጅም ነው። እንዲህ ላለው ሰው ባልደረባው ወይም ረዳቱ የሚያዘጋጅለት የአንድ ገጽ ጽሑፍ ማጠቃለያ ይባላል። ሥራው ጽሑፉን አሳጥሮ መድገም አይደለም። ተመራማሪው ጽሑፉን ይዞ ይቀጥል ወይስ ይተወው የሚለውን እንዲወስን ማስቻል ነው። ለዚህም ሦስት ነገሮች ይነግረዋል፦ ጸሐፊው ምን ብሎ እንደሚከራከር፣ እዚያ በምን መንገድ እንደደረሰ፣ የጠቀሳቸው ፍርዶችም የተባለላቸውን ያህል ይናገሩ እንደሆነ።

ለዚህ ተመራማሪ ከሚቀርቡት ጽሑፎች አንዱ ጆርጅ ክርዜቹኖቪች እ.ኤ.አ. በ1963 በአፍሪካ ሕግ መጽሔት ላይ ያወጡት ነው። ስለ ኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቃሚነት፣ ከልማድ ጋር ስላለው ግንኙነትና ስለ ተፈጻሚነቱ የሚያወራ ሲሆን ከገጽ 172 እስከ 177 ድረስ ስድስት ገጽ ብቻ ነው። ጸሐፊው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ አስተምረዋል።

የመጀመሪያው ሥራ ዋናውን መከራከሪያ መለየት ነው። ብዙ አጠቃላዮች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፤ ርእሱን ገልብጠው “ስለ ልማድና ስለ ሕጉ ያብራራል” ይላሉ። ይህ ርእስ እንጂ መከራከሪያ አይደለም። መከራከሪያ ማለት ሌላ ሰው ተነሥቶ “አይደለም” ሊለው የሚችል ዓረፍተ ነገር ነው። የክርዜቹኖቪች ክርክር የሚዞረው በቁጥር 3347 ላይ ነው። ይህ ቁጥር በሕጉ በተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ ቀድሞ የነበረውን የተጻፈም ሆነ የልማድ ደንብ ሁሉ፣ በግልጽ ካልተጠበቀ በቀር፣ ይሽራል። እንግዲህ መከራከሪያው እንዲህ ይጻፋል፦ ሕጉ የሚሽረው ከእሱ ጋር የሚጋጨውን ልማድ ብቻ ሳይሆን የማይጋጨውንም ነው፤ ልማድ የሚተርፈው ሕጉ ራሱ በግልጽ ሲጠራው ብቻ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር “የሚጋጨውን ልማድ ብቻ ነው የሻረው” የሚል ሰው ሊቃወመው ይችላል፤ ስለዚህ መከራከሪያ ሆኗል።

ሁለተኛው ዘዴው ነው። ክርክሩ የሚቆመው በአንቀጹ ቃላት፣ በሕጉ አወቃቀርና አንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር በማነጻጸር ላይ ነው። የፍርድ ቤት መዝገብ ቆጠራ ወይም የገበሬ ቃለ መጠይቅ አይደለም። ይህን በግልጽ መጻፍ ለተመራማሪው ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ጽሑፉ “ሕጉ ምን አለ” የሚለውን ይመልሳል፣ “ሞጣ ውስጥ ዳኛው ምን አደረገ” የሚለውን ግን አይመልስም። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በ1950ዎቹ በደጋ ዳሞት ባደረጉት ጥናት ሰዎች አሁንም በአቅኚ አባት ዘር ቆጥረው ርስት ይጠይቁ እንደነበር አሳይተዋል። በ1960 ደግሞ አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ርስታችንን ይነካል የሚል ስጋት ገበሬውን ሲያስነሣ፣ ሞጣና ቢቸና ከአመጹ ቦታዎች መካከል ነበሩ። በወረቀት ተሽሯል የሚባለው ርስት በሜዳ ላይ ሕያው ነበር። ግን እዚህም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የዳሞት ማስረጃ በቀጥታ የቢቸና ማስረጃ አይሆንም።

በዘዴው ረድፍ ዓመቱም ይመዘገባል፤ የአቆጣጠራችን ወጥመድ ያለው እዚህ ነው። ሕጉ የታወጀው በ1952 ነው፣ በሥራ ላይ የዋለው መስከረም 1 ቀን 1953። ጽሑፉ እ.ኤ.አ. የ1963 ስለሆነ ሕጉ ሥራ ከጀመረ ገና ሦስተኛ ዓመቱ ገደማ ነው። “1963” የሚለውን በእኛ አቆጣጠር ያነበበ ሰው ሕጉ ዐሥር ዓመት ተፈትኖ የተጻፈ ይመስለዋል፤ መደምደሚያውም ይበላሻል። በአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ላይም ይኸው ይደርሳል፤ ቁጥር 133 ያለው አዋጅ በእኛ 1998፣ በፈረንጆቹ 2006 ነው፤ ያም ቢሆን በ2009 በአዋጅ ቁጥር 252 ተተክቷል። አሮጌውን ይዞ የሚከራከር ጽሑፍ ከታወቀ በማጠቃለያው ላይ ይህ መጻፍ አለበት።

ሦስተኛው የተጠቀሱት ፍርዶች ናቸው። የአዲስ አበባው የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት ፍርዶችን ማተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964፣ ክርዜቹኖቪች ከጻፉ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ረድፍ ላይ የሚጻፈው “ክብደቱ በፍርድ ላይ ሳይሆን በአንቀጽ ላይ ነው” የሚል ይሆናል። ዛሬ የሚታተሙት ጽሑፎች ግን የሰበር መዝገብ ይደረድራሉ፤ አጠቃላዩም አንድ በአንድ መክፈት አለበት። ጥቅምት 26 ቀን 2000 የተወሰነውን የሰበር መዝገብ ቁጥር 23632 እንመልከት። እናቱ የሞተችበትን ልጅ አክስት አሳድጋለች፤ አባት አሳዳጊነቱን ጠየቀ፤ የክልሉ ፍርድ ቤቶች ለአባት ፈረዱ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ግን ሕገ መንግሥቱንና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን አንሥቶ የልጁ ጥቅም እንዲቀድም ወሰነ፣ ልጁም ከአክስቱ ጋር ቀረ። አንድ ጸሐፊ ይህን መዝገብ ለሕፃናት ጥቅም ቢጠቅሰው ልክ ነው። ለገጠር መሬት ውርስ ቢጠቅሰው ግን አጠቃላዩ “ፍሬ ነገሩ የአሳዳጊነት ነው፣ ስለ መሬት አይናገርም” ብሎ ይጽፋል። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ ቢያንስ አምስት ዳኞች የተሰየሙበት የሰበር ትርጉም በየደረጃው ያሉትን የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶች ያስገድዳል፤ ነገር ግን ሰበር ራሱ ትርጉሙን ሊለውጥ ይችላልና ከዚያ በኋላ የወጣ ውሳኔ እንዳለ መፈለግም የዚሁ ረድፍ ሥራ ነው።

ከዚህ በኋላ ለቢቸናና ሞጣው ተመራማሪ የሚሰጠው ገጽ እንዲህ ይጠናቀቃል፦

መከራከሪያ፦ ቁጥር 3347 የማይጋጭ ልማድንም ይሽራል፤ የሚተርፈው ሕጉ የጠራው ብቻ ነው።
ዘዴ፦ የአንቀጽ ትንተና፤ ሕጉ በሥራ ላይ ከዋለ ሦስት ዓመት ገደማ በኋላ የተጻፈ።
ፍርዶች፦ ክርክሩ በፍርድ ላይ አይቆምም።
ውሳኔ፦ ርስት በሕግ ምን ደረጃ ነበረው ለሚለው ምዕራፍ ይጠቅማል፤ በሞጣና በቢቸና ምን ይፈጸም ነበር ለሚለው አይጠቅምም። ከመጠቀም በፊት ቁጥር 1489 ይነበብ፤ የማኅበረሰብ የጋራ መሬትን ከልማድ ጋር አያይዞ ስለሚጠቅስ ርስት በዚያ ሥር ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ ክፍት ነው።

የመጨረሻዋ መስመር ከሁሉም በላይ ትጠቅማለች። ተመራማሪው ስድስቱን ገጽ ከፍቶ ሲያነብ ምን እንደሚፈልግ ያውቃልና፤ ያን ያላገኘ እንደሆነም ጽሑፉን ትቶ ወደ አውራጃው ፍርድ ቤት መዝገብ ይሄዳል።