አሽሙሩን አውጥቶ ቅሬታውን ማስቀረት

«ሆቴሉን በጣም ነው የማመሰግነው! ለካ ጥር ላይም በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ ይቻላል። ጄኔሬተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘፍንልን አደረ። ቁርሱ ደግሞ ለምሳ ደረሰልን።»

አንድ የአዲስ አበባ ሆቴል በጉግል ማፕ ላይ ከአንድ ኮከብ ጋር እንዲህ ያለ አስተያየት ተሰጠው እንበል። መልሱ የሚነበበው በእንግዳው ብቻ አይደለም፤ ነገ ክፍል ሊይዝ ያሰበ ሁሉ ያየዋል። ስለዚህ መልስ ጸሐፊው መጀመሪያ አስተያየቱን ለራሱ በቀጥተኛ ቋንቋ መልሶ ይጽፈዋል። ምስጋናው የምር ስላልሆነ ይወጣል። የሚቀሩት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ሙቅ ውሃ አልነበረም፣ የጄኔሬተሩ ድምፅ እንቅልፍ ነስቷል፣ ቁርስ በጣም ዘግይቷል።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «ለምሳ ደረሰልን» የተባለው ለማጋነን ሊሆን ስለሚችል «ሁለት ሰዓት ዘገየ» ብሎ መተርጎም እንግዳው ያላለውን ማስባል ነው። «በጣም ዘግይቷል» ይበቃል። በሌላ በኩል ሦስቱን ቅሬታዎች «አንዳንድ ጥቃቅን ችግሮች» ብሎ መጠቅለል ከአሽሙሩ ጋር ቅሬታውንም ይጥለዋል፤ ብዙ ድርጅቶች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን አስተያየቱን ሳያነቡ «ስለ መልካም አስተያየትዎ እናመሰግናለን» የሚለውን የተዘጋጀ መልስ መለጠፍ ነው። እንግዳው መልሱን ሲያነብ «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» ካላለ ሥራው አላለቀም።

ከዚያ ማጣራት ይመጣል። የጥገና ሠራተኛው ማሞቂያው ተበላሽቶ እንደነበርና አሁን እንደተሠራ አረጋገጠ እንበል፤ የቀሩት ሁለቱ ገና አልተጣሩም። መልሱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ውድ እንግዳችን፣ በቆይታዎ ሙቅ ውሃ እንዳላገኙ፣ የጄኔሬተሩ ድምፅ እንቅልፍ እንደነሳዎትና ቁርስዎ በጣም እንደዘገየ ከአስተያየትዎ ተረድተናል። ይቅርታ እንጠይቃለን። የውሃ ማሞቂያው ተጠግኗል። የጄኔሬተሩንና የቁርሱን ጉዳይ እያጣራን ነው። ቢደውሉልን ዝርዝሩን ብንሰማ ደስ ይለናል።»

«እርስዎ» የተመረጠው ለአክብሮት ብቻ አይደለም። በገጹ ላይ ካለው ስም ጸሐፊው ወንድ ይሁን ሴት ላይታወቅ ስለሚችል «አንተ» ወይም «አንቺ» ብሎ ከመገመት ያድናል። «እንደተባለው ከሆነ» ዓይነት ሐረግም አልገባም፤ ጨዋ ቢመስልም እንግዳውን ዋሽተሃል እንደማለት ነው። ጄኔሬተሩ የሠራው ለጥቂት ሰዓት እንደሆነ መዝገቡ ቢያሳይ እንኳ በአደባባይ ስለ ሰዓቱ መከራከር ለሆቴሉ የሚያተርፍለት ነገር የለም።

የክፍል ቁጥር፣ የመጡበት ቀንና የከፈሉት ሂሳብም ከመልሱ መቅረት አለባቸው። በአሜሪካ ዳላስ ከተማ አንድ የጥርስ ክሊኒክ በኢንተርኔት ለተሰጡት አስተያየቶች ሲመልስ የታካሚዎቹን የግል መረጃ በመግለጡ በ2019 እ.ኤ.አ. 10,000 ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ሆቴል የሕክምና ምስጢር ባይዝም፣ ማን ከማን ጋር የትኛው ክፍል እንዳደረ በአደባባይ መጻፍ እንግዳውን ከቀዝቃዛው ውሃ የባሰ ሊጎዳው ይችላል።