ዳታው ሲጠፋ የማይጠፋ ኮድ

ለእረፍት ይጁቤ ስንወርድ ልጄ ኮምፒውተሯን አልያዘችም ነበር። ቢሆንም ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ በአያቷ ስልክ ስትሞክር አገኘኋት። ምንም አልጫነችም፤ ክሮም ላይ አንድ ገጽ ከፍታ እንዲህ ጻፈች፦

```
kilo = 25
waga = 140
print(kilo * waga)
```

ኪሎውን በ140 ብር አስባ የ25 ኪሎ ጤፍ ሒሳብ መሥራቷ ነው። `Run` የሚለውን ስትጫን 3500 ወጣ። አያቷ «ይህንንማ እኔም በቃሌ አሰላዋለሁ» አሉ፤ እውነታቸውን ነው።

እነዚህ ገጾች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ኮዱን በኢንተርኔት ወደ ሩቅ ኮምፒውተር ይልካል፤ ስሌቱ እዚያ ተሠርቶ መልሱ ይመጣል። ኔትወርክ ከተቋረጠ መልስ የለም። ሌላው፣ ለምሳሌ Pyodide፣ ፓይተንን ራሱን ወደ ስልኩ ያወርዳል። መጀመሪያ ሲከፈት ዘግየት ይላል፣ ዳታም ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚያሰላው ስልኩ ነው። ለመለየት ገጹ ተከፍቶ ካለቀ በኋላ ዳታውን አጥፍታችሁ ኮዱን አስኪዱት። መልስ ከሰጠ፣ ስልኩ ላይ እየሠራ ነው።

ይህኛውም ችግር አለው። ልጄ ማብቂያ የሌለው ድግግሞሽ ጽፋ ገጹ ድርቅ አለ፤ ጣት ቢነካው አይሰማም። ዘግቶ ከመክፈት ሌላ መፍትሔ አልነበረም፤ ያኔ የጻፈችው ሁሉ ጠፋ። ብዙዎቹ ገጾች ካልተመዘገቡባቸው ኮድ አያስቀምጡም። አሁን `Run` ከመጫኗ በፊት ኮዱን ኮፒ አድርጋ በቴሌግራም ለእኔ ትልከዋለች።