ጳጉሜን 2ን ኤክሴል ፌብሩዋሪ 13 ሲላት

ሰሞኑን ዓለም ከተማ ላይ የያዝኩት ሥራ የአንድ ጤና ጣቢያን የሕፃናት የምግብ እጥረት ሕክምና መዝገብ ማጥራት ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ ኤክሴል ውስጥ ገብቷል። የኔ ድርሻ ሊሆን የማይችለውን ቀንና ከወሰን የወጣውን ቁጥር ለቅሞ፣ እንዲታረም ለመዝጋቢዎቹ በዝርዝር መመለስ ነው። ከታች ያሉትን ቁጥሮች ለማሳያ ያዘጋጀኋቸው እኔ ነኝ፤ የማንም ሕፃን አይደሉም። የስህተቶቹ ዓይነት ግን በየመዝገቡ አለ።

ከሁሉ በላይ ያደከመኝ ቀኑ ነው። እኛ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብለን በራሳችን አቆጣጠር እንጽፋለን። አብዛኛው ኮምፒውተር ደግሞ ወርን አስቀድሞ በፈረንጅ አቆጣጠር እንዲያነብ ሆኖ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የካቲት 5ን 5/6/2015 ብለን ስናስገባ ሜይ 6 ይላታል። ጳጉሜን 2፣ ማለትም 2/13/2015፣ ፌብሩዋሪ 13 ትሆናለች። የካቲት 15ን (15/6/2015) ግን አስራ አምስተኛ ወር ስለሌለው ቀን አድርጎ አይቀበላትም፤ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተዋታል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ከፊሉ ወደ ቀኝ፣ ከፊሉ ወደ ግራ ተጠግቶ ካያችሁ ምልክቱ ይኸው ነው። ወደ ግራ የቀሩት ዓይን ላይ ይወድቃሉ። የሚያሳስቡኝ ወደ ቀኝ የሄዱት ናቸው፤ ትክክለኛ ቀን መስለው ስለሚቀመጡ ማንም አይጠረጥራቸውም።

መፍትሔው ቀኑን በሦስት ዓምድ ከፍሎ በተራ ቁጥር መጻፍ ነው፦ ቀን በB፣ ወር በC፣ ዓመት በD። ከዚያ ይህ ፎርሙላ በእኛ ካሌንደር የሌለውን ቀን ያወጣል፦

```
=IF(AND(C2>=1,C2<=13,B2>=1,B2<=IF(C2<13,30,IF(MOD(D2,4)=3,6,5))),"","ይጠየቅ")
```

ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ጳጉሜን 6 ቀን አላት። ስለዚህ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 እውነተኛ ቀን ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2014 ግን የለም።

ቀኑ በካሌንደር ላይ መኖሩ ብቻውን አይበቃም። ሕፃኑ በየሳምንቱ ስለሚመጣ በሁለት ቀጠሮ መካከል ያለውን ርቀት ማየት ያስፈልጋል። እያንዳንዱን ቀን በዚህ ፎርሙላ ወደ አንድ ቁጥር ቀይሬ የፊተኛውን ከኋለኛው እቀንሳለሁ፦

```
=365*D2+INT(D2/4)+30*C2+B2
```

አንዱ ረድፍ ጳጉሜን 2 ቀን 2015 ይላል፤ ቀጣዩ መስከረም 3 ቀን 2015። ልዩነቱ -359 ቀን ይመጣል። ዓመቱ 2016 ቢሆን ግን ልክ 7 ቀን ነው፤ ሁለቱም ሐሙስ ላይ ይውላሉ። አዲሱ ዓመት ገብቶ እጅ አሮጌውን ሲጽፍ የሚፈጠር ስህተት ነው፤ በየመስከረሙ ፈልጉት።

ወደ ክብደት ስንመጣ ወሰን ማስቀመጥ ብቻውን አያዋጣም። የአንድ ሕፃን የአራት ሳምንት ክብደት 6.4፣ 6.6፣ 9.6፣ 7.0 ኪሎ ተብሎ ተመዝግቧል እንበል። 9.6 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ሞልቷል፤ ስለዚህ የወሰን ፍተሻው ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። በአንድ ሳምንት 3 ኪሎ የጨመረ ሕፃን ግን የለም። የሚያጋልጠው የሳምንቱ ልዩነት ነው። 6.9 ተገልብጦ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ፤ ግምቴን ግን ሠንጠረዡ ውስጥ አልጽፍም፤ የሕፃኑ ካርድ ይታይ እላለሁ። የክብደት መውረድ ላይ ደግሞ ረጋ በሉ። እብጠት የነበረበት ሕፃን ሕክምናው ሲይዝለት እብጠቱ ስለሚወርድ ክብደቱ ይቀንሳል፤ የእብጠት ዓምዱን ሳታዩ ስህተት ነው አትበሉ።

የክንድ ዙሪያ ልኬት ላይም እንዲሁ። በሴንቲሜትር ዓምድ 105 ከተጻፈ በሚሊሜትር የተለካ ይመስላል። 9.6 ግን ምንም ያህል ቢያስደነግጥ ሊሆን ይችላል፤ ከ6 እስከ 59 ወር ያለ ሕፃን ክንዱ ከ11.5 ሴንቲሜትር ሲያንስ እኮ ነው ከባድ የምግብ እጥረት የሚባለው። በዚህ መዝገብ ውስጥ ከሌሎቹ እጅግ ያነሰው ቁጥር ምናልባት በጣም የታመመው ልጅ ነው። እንደ ስህተት ቆጥሮ የሚሰርዘው ሰው ያንን ልጅ ከሪፖርቱ ያወጣዋል።

ለመዝጋቢዎቹ የምልከው ዝርዝር የካርድ ቁጥር፣ የገጽና የረድፍ ቁጥር፣ የዓምዱ ስም፣ የተጻፈው፣ የተጠየቀበት ምክንያት፣ ካርዱ ላይ የተገኘው፣ ያረመው ሰው ፊርማና ቀን አለው። ስም አላስገባም፤ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። «ካርዱ ላይ የተገኘው» የሚለውን ሳጥን ባዶ እተወዋለሁ፤ የሚሞላው ካርዱን የያዘው ሰው ነው። ካርዱም ያንኑ ካለ «ታይቷል፣ እንዳለ ነው» ተብሎ ይጻፋል፤ ቁጥሩም አይነካም። ካርዱ ከጠፋ «አልተገኘም» ይባላል እንጂ በግምት አይሞላም። የወረቀት መዝገቡ ላይ የሚታረመው በአንድ መስመር ተሰርዞ፣ አሮጌው እየተነበበ፣ አዲሱ ጎኑ ተጽፎ ነው። ፍሉድ አትቀቡት።

ዝርዝሩ ሲመለስ ፎርሙላዎቹን እንደገና አስኬዳለሁ። ባለፈው ዙር አንድ ቀን ሲታረም ከቀጣዩ ቀጠሮ ጋር ተጋጭቶ አዲስ ጥያቄ ወልዶብኛል፤ እሱን ለብቻው ጽፌ ዛሬ ጠዋት መልሼ ልኬዋለሁ።