ዘይቱ ሳያልቅ መቼ ይታዘዝ?

አንድ ሱቅ በቀን በአማካይ 10 ጀሪካን ዘይት ይሸጣል እንበል፤ ገበያው ሲደራ 14 ይደርሳል። አከፋፋዩ አብዛኛውን ጊዜ በ5 ቀን ያደርሳል፤ ሲዘገይ ግን 8 ቀን ይፈጅበታል።

በከፋው ጊዜ 14 በ8 ሲባዛ 112 ጀሪካን ያስፈልጋል። ከዚህ ላይ የተለመደው 50 ሲቀነስ 62 የመጠባበቂያ ክምችት ይሆናል። ትዕዛዝ የሚላከው ክምችቱ 112 ላይ ሲደርስ ነው።

በኤክሴል ከB እስከ E አማካይና ከፍተኛ ሽያጭ፣ የተለመደና ረጅሙ የማድረሻ ቀን ይሰፍራሉ፤ F መጠባበቂያው፣ G የማዘዣ ነጥቡ ነው።

```
F2: =C2*E2-B2*D2
G2: =B2*D2+F2
I2: =IF(H2<=G2,"ይታዘዝ","")
```

H ላይ በእጅ ያለው ብቻ ሳይሆን ታዝዞ ያልደረሰውም ይደመራል፤ አለዚያ ያው ዕቃ ሁለቴ ይታዘዛል። ለአንድ ሰርግ የተሸጠ 40 ጀሪካን እንደ ከፍተኛ ሽያጭ ከገባም መጠባበቂያው ወደ 270 ይዘላል፤ የሱቁ ገንዘብም መጋዘን ውስጥ ይታሰራል።